ያለ አግባብ ለመጣ ስትራይክና ለተቋረጠ የማስታወቂያ ገቢ ይግባኝ አጻጻፍ

ዩቲዩብ ላይ ለአንድ ስትራይክ፣ ማለትም መመሪያ ጥሷል ተብሎ ቻናል ላይ ለሚጣል ቅጣት፣ ይግባኝ ማለት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውድቅ ከሆነ በዚያው ስትራይክ ላይ ሁለተኛ ይግባኝ የለም። ብዙ ሰው ግን ስትራይኩን የሚያሳውቀውን ኢሜይል ባየ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ደሙ ፈልቶ እያለ፣ «ምንም አላጠፋሁም፣ ቪዲዮዬን መልሱልኝ» ብሎ ይልክና ያቺን አንድ ዕድል ያባክናታል። ይግባኙን የሚያየው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ቪዲዮው ውስጥ የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደተባለና ምን እንደታየ ነው። ስለ ልፋታችሁ፣ ስለ ሰብስክራይበር ብዛት፣ ወይም ሌሎች ቻናሎች ተመሳሳይ ነገር ለቀው ስላልተነካባቸው የምትጽፉት ሁሉ ለውሳኔው አይረዳውም።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስለ ዲጂታል ደኅንነት የሚያስተምር ቻናል አለ እንበል። «የሰው አካውንት እንዴት ይጠለፋል?» የሚል የ11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀ። አጭበርባሪዎች እውነተኛውን የመግቢያ ገጽ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ሠርተው የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚሰበስቡ ያሳያል፤ ዓላማው ተመልካቹ እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመው እንዲለየው ነው። ቪዲዮው ተነሳ፤ ቻናሉም ጎጂ ወይም አደገኛ ይዘትን በሚመለከተው ፖሊሲ ስትራይክ ተመታ።

1. የመጣባችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

«ስትራይክ መጣብኝ» የሚል ሰው ሁሉ ስትራይክ አልመጣበትም። እያንዳንዱ ነገር የራሱ በር አለው፤ በተሳሳተ በር የገባ ማስረጃ ደግሞ የትም አይደርስም።

የማኅበረሰብ መመሪያ ጥሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያ ቪዲዮውን ያስነሳል እንጂ ቻናሉን አያግድም፤ በእሱም ላይ ይግባኝ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ስትራይክ ለአንድ ሳምንት ቪዲዮ መጫን፣ ቀጥታ ማሰራጨትና ፖስት ማድረግን ይከለክላል። ስትራይክ የሚቆየው 90 ቀን ነው። በዚያው 90 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ከመጣ እገዳው ሁለት ሳምንት ይሆናል፤ ሦስተኛ ከመጣ ቻናሉ ይዘጋል።

የቅጂ መብት ስትራይክ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚመጣው የሥራው ባለቤት ነኝ ያለ ሰው አቤቱታ ስላቀረበ ሲሆን፣ ክርክራችሁም ከዚያ ሰው ጋር ነው። አንድ ሙዚቃ በራስ ሰር ተለይቶ የቪዲዮው ገቢ ለሌላ ሰው ሲሄድ ደግሞ ኮንቴንት አይዲ ይባላል፤ ያ ስትራይክ አይደለም። ቢጫ የዶላር ምልክት ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ ተገድቧል ወይም ጭራሽ አይገባም ማለት ነው፤ ቻናሉን አይቀጣም፤ ኪስን ግን ይጎዳል። ቻናሉ በሙሉ ከገቢ ፕሮግራሙ ሲወጣ የሚቀርበው ይግባኝም ለብቻው ነው። ስለ ገንዘቡ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

የተላከው ኢሜይል ምን እንደተነሳ፣ የትኛው ፖሊሲ እንደተጣሰና ቻናሉ ላይ ምን እገዳ እንደተጣለ ይነግራችኋል። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ ከመጫን ይልቅ ግን በራሳችሁ ወደ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብታችሁ ማረጋገጡ ይሻላል። የዩቲዩበርን አካውንት ለመስረቅ «ስትራይክ አለብህ» የሚል የውሸት ኢሜይል መላክ የተለመደ ዘዴ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ምንም ካልታየ ስትራይክ የለም።

2. ይግባኙ እስኪላክ ድረስ የማይነኩ ነገሮች

ቪዲዮውን አታጥፉት። ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳም፤ ማስረጃችሁን ግን ይዞት ይሄዳል። አስተካክላችሁ እንደገና ለመጫንም አትቸኩሉ። የተነሳውን ይዘት መልሶ መጫን ሌላ ስትራይክ ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ አንዱ ጉዳይ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው በእገዳው ሳምንት ሌላ ቻናል ከፍቶ እዚያ መልቀቅ ነው። ዩቲዩብ ይህን እገዳን እንደማምለጥ ይቆጥረዋል፤ ለቻናል መዘጋት የሚያበቃ ጥፋትም ነው። አንድ ሳምንት መታገስ የሚቻል ነገር ነው።

ቀጠሮ አስይዛችሁ ያስቀመጣችኋቸው ቪዲዮዎች ካሉ እገዳው እስኪያልቅ «ፕራይቬት» ይሆናሉ። ሳምንቱ ሲያልፍ ቀጠሯቸውን ራሳችሁ እንደገና ማስያዝ አለባችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ቪዲዮው ለምን እንዳልወጣ ሲገርመው ይቆያል።

ከዚያ የቪዲዮውን ዋና ፋይል ከኮምፒውተራችሁ ወይም ከሃርድ ዲስካችሁ አውጡ። የስትራይኩን ኢሜይል፣ ስቱዲዮው ላይ የሚታየውን ማሳወቂያ፣ የቪዲዮውን ርዕስ፣ መግለጫና ተምኔል በስክሪንሹት አስቀምጡ። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱን ስትቀይሩ፣ ውሳኔው ሲሰጥ ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋችኋል።

3. ፖሊሲውን ከራሳችሁ ቪዲዮ ጋር ቃል በቃል አስተያዩ

ይግባኝ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሰው የፖሊሲውን ርዕስ ብቻ አንብቦ ይከራከራል፦ «ቪዲዮዬ አደገኛ አይደለም!» ርዕሱ ግን ጥላ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ክፍሎች አሉ። ጎጂ ወይም አደገኛ ይዘት የሚለው ፖሊሲ ስለ አደገኛ ውድድሮችም፣ ስለ ፈንጂ አሠራርም፣ ስለ ኮምፒውተር ጠለፋም ያወራል። እናንተን የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ የምትጽፉት መልስ በጨለማ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው።

በምሳሌያችን ጉዳዩን የሚመለከተው ስለ ጠለፋ የሚናገረው ክፍል ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የመግቢያ መረጃ ለመስረቅ፣ የግል መረጃን ለአደጋ ለማጋለጥ ወይም በሌላው ላይ ከባድ ጉዳት ለማድረስ በማሰብ የቴክኖሎጂን አጠቃቀም ማሳየት ክልክል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ክልከላው የቆመው «በማሰብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስለ ጠለፋ ማውራት ወይም ሐሰተኛ ገጽን ማሳየት ብቻውን አልተከለከለም። እንግዲህ ክርክሩ ዓላማ ላይ ነው፤ የሚሰበሰበው ማስረጃም ዓላማን የሚያሳይ መሆን አለበት ማለት ነው። ፖሊሲው ስለ ሌላ ነገር ቢሆን፣ ለምሳሌ ስለ ደም የሚያሳይ ምስል፣ ፍለጋውም ሌላ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ዩቲዩብ ለትምህርታዊ፣ ለዘጋቢ፣ ለሳይንሳዊና ለኪነ ጥበባዊ ይዘት የሚሰጠው ልዩ አስተያየት ነው። ያለ ዐውድ ቢለቀቅ ይነሳ የነበረ ይዘት፣ ዐውዱ ካለ ሊፈቀድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የሚስቱት ነገር አለ፦ ዐውዱ መገኘት ያለበት ቪዲዮው ውስጥ ነው፤ በድምፅ ወይም በምስል። ርዕሱና መግለጫው ያግዛሉ፤ ይግባኙ ላይ «ለትምህርት ነው» ብላችሁ የምትጽፉት ግን፣ ቪዲዮው ራሱ ካላለው፣ ዐውድ አይሆንም። መግለጫው ሥር «ለትምህርት ብቻ» የሚል መስመር መለጠፍ ብዙ ሰው እንደ ክታብ የሚያየው ነገር ነው፤ ቪዲዮው ውስጥ የሚያስተምር ነገር ከሌለ አያድንም። ደግሞም ዐውድ የማያድናቸው ይዘቶች አሉ፤ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል የመሰለው ምንም ማብራሪያ ቢሰጠው አይፈቀድም።

አስተያይታችሁ ስታበቁ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቪዲዮው በእርግጥ ጥሶ ይሆን? መልሱ «አዎ» ከሆነ ይግባኙን ተዉት፤ ስትራይኩ በ90 ቀኑ ይወርዳል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና፣ ከመጻፍ በፊት ይህን ማጣራት ይቀድማል።

4. የደቂቃ ዝርዝር ሥሩ

አሁን ዋናውን ፋይል ክፈቱና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። ሳታቋርጡ ማየት አይበቃም፤ እንደማያውቃችሁ፣ ቋንቋችሁንም ምናልባት በትርጉም እንደሚከታተል ሰው ሆናችሁ እያቆማችሁ እዩ። ወረቀት ላይ ወይም በስፕሬድሺት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ደቂቃውን፣ በዚያ ሰዓት የሚታየውን ወይም የሚባለውን፣ እና ከፖሊሲው ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚገናኝ።

በምሳሌው ቪዲዮ ዝርዝሩ እንዲህ ሆኖ ወጣ። 0:18 ላይ አቅራቢው «ይህን የማሳያችሁ እናንተ እንዳትታለሉ ነው» ይላል፤ ይህ ዓላማን በቀጥታ የሚናገር ነው። ከ3:05 እስከ 4:30 የሐሰተኛው ገጽ አድራሻ ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የትኛው ፊደል እንደተቀየረ ይታያል። ከ5:50 እስከ 6:25 ሐሰተኛው ገጽ የይለፍ ቃል ሲቀበል ይታያል። ከ7:40 እስከ 11:10 ድረስ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራርና የተጠለፈ አካውንት የሚመለስበት መንገድ ነው። ሲሰላ፣ ከ11 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ ሦስት ደቂቃ ተኩሉ መከላከያውን ለማሳየት የዋለ ሲሆን፣ ገጹ ሲሠራ የሚታየው ግን 35 ሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር ዓላማውን ከማንኛውም ቅጽል በላይ ያስረዳል።

አሁን ከባዱ ክፍል። ዝርዝሩ ውስጥ ደካማ ቦታችሁን ማካተት አለባችሁ። ከ5:50 እስከ 6:25 ያለው ክፍል ቪዲዮው ሳይነሳበት አይቀርም፤ የሚያየው ሰውም ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ስለዚያ ቦታ ዝም ካላችሁ ሊመልሰው የሚገባው ዋና ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። ክፍሉ በዝግታ ሲታይ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው የሚረዳ ነው፦ የገባው ለማሳያ የተፈጠረ አካውንት የይለፍ ቃል ነው፤ ኮዱም በብዥታ ተሸፍኗል። ሌላኛው ግን የማይመች ነው፦ 6:12 ላይ ብዥታው ሸርተት ብሎ ገጹ የተሠራበት መሣሪያ ስም ለሁለት ሰከንድ ያህል ይነበባል።

ይህን መደበቅ ያጓጓል። አይጠቅምም። የሚያየው ሰው ካገኘው፣ «ኮዱ ተሸፍኗል» ያላችሁት ሁሉ ውሸት ይመስላል። ሁለቱን ሰከንድ ራሳችሁ ጠቅሳችሁ ስሙ ቢታይም አጠቃቀሙ የትም እንዳልተገለጸ ብትናገሩ ግን የቀረው ዝርዝራችሁ የሚታመን ይሆናል።

ቪዲዮው በአማርኛ ከሆነ ዋና ዋናዎቹን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ጥቀሱና አጠገባቸው የእንግሊዝኛ ትርጉም አስቀምጡ። ትርጉሙ ቀጥተኛ ይሁን፤ ያልተባለ ነገር አትጨምሩበት።

5. ጻፉት፤ አሳጥሩት፤ አንድ ሌሊት ይደር

የይግባኙ ሳጥን ረጅም ደብዳቤ የሚጻፍበት ቦታ አይደለም። መጀመሪያ ውጪ ላይ፣ በማስታወሻ ወይም በዎርድ ጻፉት። በብዛት የሚላከው ዓይነት ይህን ይመስላል፦

> ይህ ፍጹም ኢፍትሐዊ ነው! ለዓመታት ደክሜ የገነባሁት ቻናል ነው። ቪዲዮው ምንም ችግር የለበትም፣ ለትምህርት ነው የሠራሁት። ሌሎች ከዚህ የባሰ እየለቀቁ ዝም ትሏቸዋላችሁ። ይህን የሚሠራው ማሽን እንጂ ሰው አይደለም። እባካችሁ አስተካክሉ።

ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሄዶ ሊያጣራው የሚችል አንድም ነገር የለም። «ለትምህርት ነው» የሚለውን እንኳ የት እንደሚያገኘው አልተነገረውም። አሁን ያንኑ ጉዳይ በዝርዝሩ መሠረት እንጻፈው፦

> ቪዲዮው የተነሳው በጎጂ ወይም አደገኛ ይዘት ፖሊሲ ነው፤ የሚመለከተን ስለ ጠለፋ የሚናገረው ክፍል እንደሆነ እንረዳለን። ክፍሉ የሚከለክለው መረጃ ለመስረቅ በማሰብ የሚቀርብን ማሳያ ነው። ይህ ቪዲዮ ተመልካች ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽን ለይቶ አካውንቱን እንዲጠብቅ ያስተምራል።
>
> 0:18፦ አቅራቢው «ይህን የማሳያችሁ እናንተ እንዳትታለሉ ነው» ይላል።
> 3:05–4:30፦ የሐሰተኛውና የእውነተኛው ገጽ አድራሻ ይነጻጸራል።
> 5:50–6:25፦ ገጹ የይለፍ ቃል ሲቀበል ይታያል። የተጠቀምነው ለማሳያ የፈጠርነውን የራሳችንን አካውንት ነው። የገጹ አሠራር አልተገለጸም። 6:12 ላይ የመሣሪያው ስም ለሁለት ሰከንድ ይታያል፤ ቪዲዮው ከተመለሰ እንቆርጠዋለን።
> 7:40–11:10፦ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫና አካውንት ማስመለስ ደረጃ በደረጃ ይታያል።
>
> መግለጫው ውስጥ ወደ መሣሪያ ወይም ወደ ፋይል የሚወስድ ሊንክ የለም። እነዚህን ቦታዎች አይታችሁ ውሳኔውን እንድትመረምሩልን እንጠይቃለን።

ልዩነቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጽሑፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊጣራ ይችላል፤ እያንዳንዱ መስመር «እውነት ነው» ወይም «አይደለም» ሊባል የሚችል ነው። «እኛ» የሚለው አጻጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ «እኔ» በሉ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁለት ነገር ፈልጉና አውጡ። አንዱ ስሜት የሚገልጹ ቃላት ናቸው፦ «ፍጹም»፣ «በጣም የሚያሳዝነው»፣ «ያለ ምንም ጥርጥር»። ሁለተኛው ደቂቃ የሌለው አባባል ነው። «ቪዲዮው በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃል» ካላችሁ የት የት እንደሆነ ጨምሩ፤ ካልቻላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዙት። ከዚያ ሌላ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ደቂቃዎቹን ያረጋግጥ። አርትዖት ላይ መግቢያ ተጨምሮ ከሆነ የተጫነው ቪዲዮና እጃችሁ ላይ ያለው ፋይል በጥቂት ሰከንድ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በትክክል የጻፋችሁት 0:18 ከንቱ ቦታ ላይ ይውላል።

ስትራይኩ ለ90 ቀን የሚቆይ ስለሆነ አንድ ሌሊት ማሳደር ምንም አያጎድልባችሁም። የእገዳው ሳምንት እየቆጠረ ስለሆነ ግን ብዙም አታዘግዩት።

6. ማስገባትና መልሱን መረዳት

በኮምፒውተር ዩቲዩብ ስቱዲዮን ክፈቱ። በግራ በኩል «Content» የሚለውን ስትጫኑ የቪዲዮዎቻችሁ ዝርዝር ይመጣል። የተነሳውን ቪዲዮ ፈልጋችሁ «Restrictions» በሚለው ዓምድ ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ማውሱን ስታሳርፉ ማብራሪያ ይወጣል፤ እዚያው ውስጥ ይግባኝ የሚለውን ታገኛላችሁ። የጻፋችሁትን ለጥፉ፤ ከመላካችሁ በፊት መስመሮቹ እንዳልተዘበራረቁ እዩ፤ የላካችሁትንም በስክሪንሹት ያዙ።

መልሱ በኢሜይል ይመጣል፤ ከሦስት አንዱ ነው። ቪዲዮው መመሪያውን አልጣሰም ከተባለ ይመለሳል፤ ስትራይኩም ይነሳል። አልጣሰም፣ ነገር ግን ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም ከተባለ ስትራይኩ ተነስቶ የዕድሜ ገደብ ይደረግበታል። ጥሷል ከተባለ ሁሉም ባለበት ይጸናል።

የመሐለኛውን ውጤት ብዙዎች እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ እንደ ድል ነው የማየው፤ ቻናሉ ላይ የነበረው አደጋ ተነስቷልና። ከዕድሜ ገደብ ጋር ገቢው እንደሚመነምን ግን እወቁ።

ይግባኙ ውድቅ ከሆነ በሌላ በር አትሞክሩ። የገቢ ፕሮግራሙ አባል ከሆናችሁ የፈጣሪዎች ድጋፍ ክፍልን ማነጋገር ትችላላችሁ፤ ይሁንና ያ ማብራሪያ የሚጠየቅበት እንጂ ሁለተኛ ይግባኝ የሚሰማበት ቦታ አይደለም። የሚሻለው 90 ቀኑ ሲቆጠር ሌሎች ቪዲዮዎቻችሁን በዚያው የደቂቃ ዝርዝር መፈተሽ ነው። ያው ፖሊሲ የሚነካው ሌላ ቪዲዮ ካለ ሌላ ስትራይክ ሳይመጣ ራሳችሁ አግኙት።

7. ቪዲዮው ተመልሶ ገንዘቡ ሳይመለስ ሲቀር

የምሳሌያችን ቪዲዮ ተመለሰ እንበል፤ ስትራይኩም ተነሳ። ነገር ግን አጠገቡ ቢጫ ዶላር ቆሟል። ይህ ሌላ መመዘኛ ነው። የማኅበረሰብ መመሪያው የሚጠይቀው «ይህ ዩቲዩብ ላይ መኖር ይችላል ወይ?» ብሎ ነው፤ የማስታወቂያ መመሪያው ደግሞ «አስተዋዋቂዎች ምርታቸው ከዚህ አጠገብ ቢታይ ይፈልጋሉ ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ የስትራይኩን ይግባኝ ቀድቶ መለጠፍ አይሠራም።

የምሳሌያችን ቪዲዮ ከማስታወቂያ መመሪያው ጋር የሚገናኘው ሐቀኝነት የጎደለው ተግባርን ስለሚያመቻች ይዘት በሚናገረው ክፍል ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ቪዲዮው ብቻ አይደለም፤ ርዕሱ፣ ተምኔሉ፣ መግለጫውና ታጎቹም አብረው ይመዘናሉ። በምሳሌው «የሰው አካውንት እንዴት ይጠለፋል?» የሚለው ርዕስ ብቻውን ሲነበብ የጠላፊ ትምህርት ይመስላል። ተምኔሉ ላይ ደግሞ ፊቱን የሸፈነ ሰውና ቀይ የራስ ቅል አለ። ውስጡ መከላከል ነው፤ በሩ ላይ ግን ጥቃት ተጽፏል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ግምገማ ጠይቁ። ሰው ከገመገመው በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ርዕሱን «ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽን መለያ መንገዶች» ወደሚል ቀይሩ፤ ተምኔሉ ላይ የሁለቱን አድራሻ ንጽጽር አስቀምጡ፤ በይግባኙ ቃል የገባችሁትን 6:12 በስቱዲዮው ኤዲተር ቁረጡ፤ «hack» የሚሉ ታጎች ካሉ አውጡ። ከዚያ «Content» ውስጥ ገብታችሁ ቢጫው ምልክት ላይ ማውሱን አሳርፉና «Request review» የሚለውን ምረጡ። ማብራሪያ ከተጠየቃችሁ የመከላከያው ክፍል የት እንደሆነና ምን እንደተስተካከለ በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። የቆረጣችሁት ነገር ደቂቃዎቹን ስለሚያዛንፍ ቁጥሩን እንደገና ቁጠሩ።

ቪዲዮው ቢጫ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ያልገባ ማስታወቂያ በኋላ ገንዘብ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ይህን የመሰለ ርዕስ ያለው ቪዲዮ መጀመሪያ «ፕራይቬት» ወይም «አንሊስትድ» አድርጋችሁ ጫኑትና ምልክቱ አረንጓዴ ሲሆን ልቀቁት፤ ቢጫ ከሆነ ግምገማው አልቆ ይለቀቅ። የብዙ ቪዲዮ ገቢ የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና።

ገቢ ቀነሰ ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት ደግሞ የምታዩት ቁጥር የቱ እንደሆነ አረጋግጡ። አናሊቲክስ ላይ ያለው ግምት ነው፤ ተቀባይነት በሌለው ትራፊክ ወይም በኮንቴንት አይዲ ክርክር ምክንያት ይስተካከላል። የጸደቀው ገቢ አድሴንስ ውስጥ የሚታየው በሚቀጥለው ወር ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ልዩነቱ በየትኛው ቪዲዮና ቀን እንደመጣ ካላወቃችሁ፣ አቤቱታው የሚጨበጥ ነገር አይኖረውም። የገቢው ችግር ከኮንቴንት አይዲ የመጣ ከሆነ ቀኑ ራሱ ገንዘብ ነው፦ ክርክሩን ጥያቄው በመጣ በአምስት ቀን ውስጥ ካስገባችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ካለፈ የሚያዘው ክርክሩን ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ነው።

8. ቻናሉ በሙሉ ከገቢ ፕሮግራሙ ሲወጣ

ይህ ከቢጫ ዶላር የከበደ ነው፤ የይግባኙ መንገድም የተለየ ነው። ይግባኙን ለማስገባት ያላችሁ ጊዜ 21 ቀን ነው። ከጽሑፍ ይልቅ በቪዲዮ ይግባኝ ማቅረብ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፤ በተለይ «ከሌላ የተወሰደ ይዘት» በሚል ምክንያት የወጡ ቻናሎችን ይረዳል። ቪዲዮው ከአምስት ደቂቃ ያነሰ መሆን አለበት፤ በዚያው ቻናል ላይ «አንሊስትድ» ሆኖ ይጫናል፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ የቻናላችሁ አድራሻ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ የደቂቃ ዝርዝር ሳይሆን የአሠራራችሁ ሂደት ነው ማስረጃው። የአርትዖት ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና የድምፅ ቅጂውን፣ የራሳችሁን ቀረጻ፣ የተቆረጠውን አሳዩ፤ ስክሪፕቱን ስትጽፉ የነበረውን ሰነድ አሳዩ። በአንድ ቪዲዮ ላይ አትወሰኑ፤ ግምገማው የሚመለከተው ቻናሉን በጠቅላላ ስለሆነ ከተለያየ ጊዜ የተለቀቁ ሦስት አራት ሥራዎችን ውሰዱ። ጀርባው ላይ ሙዚቃ አትጨምሩ፤ ለዚህ ቪዲዮ የኮንቴንት አይዲ ጥያቄ ቢመጣበት የሚያስቅ አይደለም። ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ ውድቅ ከተደረገ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልፍ እንደገና ማመልከት ትችላላችሁ። በዚያ መካከል ችግር አለባቸው የምትሏቸውን ቪዲዮዎች ለይታችሁ አርሙ ወይም አውርዱ፤ ያንኑ ቻናል ሳይነካ መልሶ ማቅረብ ያንኑ መልስ ያመጣል።